ማንም ሳይናገር የሚያቃስተው አምፕሊፋየር

ከአርባ ምንጭ እስከ ካምባ ድረስ የተበላሸ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ሌላ ሌላ ቦታ ይዞራል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ከዚያ አንዱ ሰው «ለምን እሳቸው ጋ አትወስደውም?» ይለዋል። እሳቸው የተባልኩት እኔ ነኝ። ኤሌክትሮኒክስ ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማርኩት ከተቃጠለ ዕቃ ነው፤ የተቃጠለ ዕቃ ደግሞ አይዋሽም። የመበየጃ ካውያ ስጨብጥ እጄ ዛሬም አይንቀጠቀጥም፤ በእኔ ዕድሜ ያሉት ጓደኞቼ የሻይ ብርጭቆ ለማንሳት ሁለት እጅ ነው የሚፈልጉት።

ይህን የምጽፈው ግን ለጉራ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ፀጉሬን ያቆመው አንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ ነው። እሱም ጨንቻ፣ አንድ ትንሽ የጸሎት ቤት ውስጥ የነበረ አምፕሊፋየር ነው።

ወሬውን ይዞ የመጣው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ የማይለየው ሰው። ሱቄ በር ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ እናንተ እዚህ እንዴት ነው የምትኖሩት? ይሄ እኮ ምድጃ ነው» አለኝ።

«እናንተስ ደመና ውስጥ እንዴት ትኖራላችሁ?» አልኩት።

ሳቀና ተቀመጠ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«አምፕሊፋየራችን ሞተች» አለ። እናት ቋንቋው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛው ላይ አንዳንዴ ወንዱን ሴት ያደርገዋል። «አሠራናት። ተመልሳ ሞተች። እንደገና አሠራናት። እዚያ ጠጋኙ ሱቅ ደህና ናት፣ ትዘምራለች። እኛ ጋ ስትመጣ ትሞታለች።»

«የምትሞተው ምን ስትሉባት ነው?»

«ምንም ሳንል ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሲዘምርባት አትሞትም። ሰው ሲሰብክባት አትሞትም። ጠዋት ፕሮግራም አልቆ፣ ሁሉም ምሳ ሊበላ ሄዶ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው የምትሞተው። መጀመሪያ ታቃስታለች። እንደ ሰው።»

«ቤቱ ባዶ ከሆነ ማን ሰማት?»

ሽማግሌው ጃንጥላውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። «ጠባቂያችን። ሁልጊዜ እሱ ብቻ ነው ያለው። ችግሩም እሱ ነው።»

ጠባቂው ወጣት ሳለ ያመነ ሰው ነበር፤ አባቱ ግን በአገሩ ደንብ ለሙት መንፈስ ሲሠዋ የኖረ የቤተሰቡ ታላቅ ነበር። አባቱ ሲሞት ያ ተራ ለበኩር ልጁ፣ ለዚህ ጠባቂ፣ ይደርስ ነበር። እሱ እምቢ ብሎ የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች የቀርከሃ ቤት ነው። አሁን ሕዝቡ «አባቱ እየጠራው ነው» ማለት ጀምሯል። ሽማግሌዎቹም ቁልፉን ሊቀበሉትና ከግቢው እንዲወጣ ሊነግሩት ተስማምተዋል።

«ታዲያ እኔን ለምን ትፈልገኛለህ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ መጀመሪያ ያልኩት» አለ። «ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ግን አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ይያት አሉ። አንተን ጠሩ።»

ሽማግሌው «አምጣት» ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። እኔ ግን በሽተኛን የምመረምረው በታመመበት ቤት ነው። ካውያዬን፣ የመበየጃ ስታኞዬን፣ ካቻቢቴዬን፣ ትርፍ ትራንዚስተሮችና የማልለየውን መብራት ይዤ አብሬው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መብራቱ ማንም አይቶ የማይደነቅበት ነው፤ ባለ ክሩ የድሮ ትልቅ አምፖል ከነሶኬቱ። ኤሌክትሪኩ ወደ አምፕሊፋየሩ ከመግባቱ በፊት በአምፖሉ ውስጥ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። ዕቃው ትንሽ ከበላ አምፖሉ ጨለማ ነው። ብዙ ከበላ አምፖሉ ይበራል፤ ክሩ ሲግልም ኤሌክትሪኩን ስለሚያንቀው ዕቃው ከመቃጠል ይድናል። ከማንኛውም ሐኪም ማዳመጫ ይበልጣል እላለሁ።

ሐይቁ ከኋላችን እየወረደ፣ እንሰቱ እየበዛ ወጣን። ከላይ ስንደርስ ጉም መንገዱን ዋጠው። ከሚኒባሱ ስወርድ የገዛ ጫማዬን ማየት አቅቶኝ ነበር። ጉሙ ውስጥ ሆኖ አንድ ሰው «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» አለኝና ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደ። ድምፁን ሰማሁ እንጂ ፊቱን ያየሁት በር ላይ ስንደርስ ነው። ጠባቂው እሱ ነበር። አጭር፣ ጸጥ ያለ፣ በቡሉኮ እስከ አፍንጫው የተጠቀለለ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማያንስ ሰው።

የጸሎት ቤቱ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። አምፕሊፋየሩ መድረኩ ጥግ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ጠርዙ በቀይና ቢጫ የተጌጠ ድርብ የጨንቻ ቡሉኮ ለብሷል፤ እንደ አራስ ልጅ፣ ፊቱ ብቻ ሲቀር፣ ጥቅልል ተደርጎ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሸማኔዎቹ ናቸው የሰጧት» አለ ሽማግሌው በኩራት። «ጉም እንዳይገባባት። እዚህ ብርድ ነው፤ እቃም ይበርደዋል።»

«መቼ ነው የምታለብሷት?»

ጠባቂው መለሰ። «የጠዋቱ ሲያልቅ ጋሼ። እስከ ከሰዓቱ ድረስ።»

«ሳታጠፋት?»

«አጥፍተን ስናበራ ሞንታርቦው ‹ጧ› ይላል። ይበላሻል ብለው ከልክለውኛል። እንደበራች አለብሳትና አጠገቧ ተቀምጬ እጸልያለሁ። በልቤ ነው የምጸልየው።»

ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጠባቂውን ብቻውን ወደ ሞንታርቦው ወስጄ ምን እንደሚሰማ ጠየቅኩት።

«መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ‹ም› ይላል፣ በቀስታ፣ አፉን እንደዘጋ ሰው። እየጨመረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ይሄ» አለና የሞንታርቦውን ጥቁር ሸራ በመዳፉ ዳሰሰ፣ «ይሄ ወደ ፊት ይነፋል። ትንፋሽ እንደ ሳበ ደረት። ሳያስተነፍስ ይቆያል። ከዚያ ይሸታል፣ ዝም ይላል።» አየኝ። «ጋሼ፣ ውጣ ካሉኝ እወጣለሁ። እነሱን አልፈራም። እውነት ከሆነስ ብዬ ነው የምፈራው።»

የሰውየው አነጋገር ትክክል ነበር። ድምፁን የሚያጎላው የኃይል ትራንዚስተር ተቃጥሎ ሁለቱ ጫፎቹ ሲገናኙ፣ ቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ወደ ሞንታርቦው ይገባና ሸራውን ገፍቶ ይይዘዋል፤ ፊውዙ እስኪበጠስ ድረስ። ይህን አውቃለሁ። ማወቅ ሌላ ነው፣ ባዶ የጸሎት ቤት ውስጥ፣ ጉም በመስኮት እየተመለከተህ፣ ይህን ያየ ሰው ሲነግርህ መስማት ሌላ ነው።

ክዳኑን ፈታሁ። ከማሽተቴ በፊት ገብቶኝ ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኃይል ትራንዚስተር ሥራ ባይኖረውም ትንሽ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ያፈሳል፤ ያ ከሌለ ድምፁ ይሻክራል። ትራንዚስተር ሲሞቅ ግን በዚያው ትእዛዝ የበለጠ ያፈሳል። የበለጠ ሲያፈስ የበለጠ ይሞቃል። የበለጠ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ያፈሳል። ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱን በራሱ እየገፋ እስከ ሞቱ ይሄዳል። ይህን ለመግታት ሁለት ነገር ይደረጋል። አንደኛ፣ ሙቀቱን ወደ አየር የሚበትን ባለ ክንፍ አልሙኒየም፣ ሂትሲንክ የምንለው፣ ላይ ይታሰራል። ሁለተኛ፣ አንድ ትንሽ ትራንዚስተር እዚያው አልሙኒየም ላይ ትለጠፋለች። ሙቀቱ ሲሰማት ትልልቆቹን የሚገፋውን ኤሌክትሪክ ትቀንሳለች። ዘበኛ ናት።

እዚህ ግን ከእኔ በፊት የሠራት ጠጋኝ የድሮውን ሂትሲንክ ጥሎ፣ በምትኩ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ክንፍ የሌለው የአልሙኒየም ድፍን ከኋላ አስሯል። ክብደቱ ታይቶ የተመረጠ ነው። ድፍን ብረት ሙቀት ይጠጣል እንጂ አይበትንም። ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ሲዘፈንበት ሙቀቱን ይጠጣል፣ «ደህና ናት» ይባላል። ጠዋት ሙሉ ሲዘመርበት ግን ይጠግባል። ድፍኑ ላይ ለትንሿ ዘበኛ የሚሆን ቀዳዳ ስላልነበረ፣ እሷን ከፊት፣ ትንንሾቹ ዕቃዎች የተበየዱበት ሰሌዳ ላይ በአየር አንጠልጥሏታል። ትልልቆቹ ከኋላ በቡሉኮ ታፍነው ሲነዱ፣ እሷ የጨንቻ ብርድ ውስጥ ተቀምጣ ሁሉ ሰላም ነው ትላለች። የከፍታው አየር ደግሞ ስስ ስለሆነ ከቆላው አየር ያነሰ ሙቀት ነው ተሸክሞ የሚሄደው። ሰዎቹ ብርድ ያድናታል ሲሉ፣ ብርዱ ነው ዘበኛዋን ያታለላት።

ይህን ለሽማግሌው ብነግረው «እሺ» ይለኛል፣ ቁልፉን ግን ከጠባቂው መቀበሉን አይተውም። ስለዚህ አልነገርኩትም። የተቃጠሉትን ትራንዚስተሮች ቀየርኩና ስህተቱን ሁሉ እንዳለ ተውኩት።

«ሽማግሌዎቹን ሁሉ ጥራ» አልኩት። «መዘምራኑንም። ጠባቂው ግን ውጭ ይሁን። ከበሩ ራቅ ብሎ።»

ተሰበሰቡ። አምፖሌን አገናኝቼ መድረኩ ጠርዝ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አቆምኩት። ክዳኑን ከላይ ክፍት ትቼ፣ ከኋላ ድፍኑን ብቻ በቡሉኮው ሸፈንኩ። መዘምራኑ ዘመሩ። ድምፃቸው ከፍ ሲል አምፖሉ ቀላ ይላል፣ ዝቅ ሲል ይጨልማል። ቆንጆ ነበር፤ አንዲት ጠና ያለች ዘማሪ «ጋሼ፣ ይቺን አምፖል ይተዉልን፣ ለበዓል ትሆነናለች» ብላ አሳቀቻቸው። ረጅም ጊዜ አዘመርኳቸው፤ ድፍኑ እስኪጠግብ። ከዚያ እጄን አነሳሁ።

«አሁን ማንም አይተንፍስ።»

ዝም አሉ። ማይክሮፎኑን ነቀልኩና መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አምፖሉ ጨለመ። ጉሙ በሩ ላይ ቆሟል። የሆነ ቦታ ውሃ ከጣሪያ ይንጠባጠባል። ብዙ ቆየን። ሽማግሌው ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል በዓይኔ ያዝኩት።

መጀመሪያ የአምፖሉ ክር እንደ ከሰል ፍም ትንሽ ቀላ። ማንም አልነካውም። ፍሙ ብርቱካን ሆነ። ከሞንታርቦዎቹ ውስጥ፣ ከሁለቱም፣ «ም…» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ኤሌክትሪክ በብዛት ሲመጠጥ የኃይል ማስተካከያው ስለማይችል የሚወጣ ጉምጉምታ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን ያን ቀን የሰማሁት ነገር ሰው ይመስላል። የአምፖሉ ብርሃን እየጨመረ የሰዎቹን ፊት ከታች ወደ ላይ አበራው፤ ጥላቸው ከኋላ ግድግዳው ላይ እያደገ ወጣ። ጠና ያለችው ዘማሪ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንዱ ሽማግሌ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ ጮኸ።

«እሱ የት ነው ያለው?» አልኳቸው።

ወደ በሩ ዞሩ።

«ጠባቂው የት ነው? እዚህ አለ?»

«ውጭ ነው» አለች ዘማሪዋ።

«እንግዲህ እሱ ሳይኖርም ታቃስታለች። አሁን ጥሩት።»

ጠባቂው በቡሉኮው እንደተጠቀለለ ገባ። እጆቹ ብብቱ ውስጥ ነበሩ። የሚበራውን አምፖልና የሚያቃስቱትን ሞንታርቦዎች ሲያይ ቆመ። እጁን ያዝኩና ጣቱን ወደ ትንሿ ትራንዚስተር መራሁት። «እዚህ ላይ አሳርፍ። አትጫን። ዝም ብለህ ያዛት፤ ሌላ ነገር አትንካ።»

ነካት። ጣቱ ሞቃት ነበር። ዘበኛዋ ሙቀቱ ተሰማት፤ ትልልቆቹን መግፋት ቀነሰች። አምፖሉ በቀስታ፣ በቀስታ ወደ ብርቱካን፣ ወደ ፍም ወረደ፣ ጠፋም። ማቃሰቱ ራቀና ሞተ።

ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር። ግን ከኋላዬ ሹክሹክታ ተነሳ፤ ያልጠበቅኩት ዓይነት።

«ታዘዘችው» አለ ሽማግሌው። «አያችሁ? አወቀችው። በእጁ ዝም አለች።»

ጠባቂው እጁን እንደተቃጠለ ሰው ነጠቀ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ያ ሁሉ ሰው ካየው የባሰ ነበር፤ እሱም አምኗል። አምፖሉ ወዲያው እንደገና ፍም ሆነ።

ተናደድኩ። የእኔ ሥራ ለእንዲህ ያለ ነገር ማስረጃ ሆኖ አያውቅም። «እንግዲያው አንተ ና!» አልኩት ሽማግሌውን። «ና፣ አንተ ንካት። አንተ ንጹህ ሰው ነህ አይደል?»

ወደ ኋላ አለ። ሁሉም ያየዋል። መጣ። ጃንጥላውን ከእጁ ተቀበልኩት፤ እጀታው ብረት ነበር፣ ጉሙ ውስጥ ሲይዘው ስለዋለ እንደ በረዶ ነው። ጣቱን ትንሿ ትራንዚስተር ላይ አሳረፈ።

አምፖሉ አልጠፋም። ይልቁንስ ደመቀ። ማቃሰቱ ጨመረ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከአጠገቡ የቆመው፣ አንድ እርምጃ ራቀው። ከዚያ ሌላው። ጠና ያለችው ዘማሪ በጋሞኛ አንድ ነገር አለች፤ ትርጉሙን አልጠየቅኩም። ሽማግሌው ጣቱን ማንሳት ፈራ፣ እዚያው መተውም ፈራ። ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ» አለኝ፣ «እኔ ምን አደረግኩ?»

ጠባቂው ስንት ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ የጠየቀውን ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ።

መልሱን የሰጠው ጠባቂው ነው። ወደ ሽማግሌው ቀረበና እጁን በሁለት እጁ ያዘው። «እጅህ በረዶ ነው» አለው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ እጁ በረዶ ስለሆነ ነው?»

«እንዴታ!» አልኩ። «ይቺ ትንሽ ዕቃ መንፈስ አታውቅም፣ አባት አታውቅም። ሙቅና ቀዝቃዛ ብቻ ነው የምታውቀው።»

ጠባቂው የሽማግሌውን እጅ ወደ ብብቱ፣ ወደ ቡሉኮው ውስጥ ከተተው። እንደዚያው ቆሙ፤ ሁለት ሽማግሌ ሰዎች፣ የአንዱ እጅ በሌላው ልብስ ውስጥ፣ አምፖሉ ከታች እያበራቸው። ትራንዚስተሮቹ እንዳይቃጠሉ ሰግቼ የአምፕሊፋየሩን ቡሉኮ ከድፍኑ ላይ አነሳሁ። ከዚያ ሽማግሌው ጣቱን መልሶ አሳረፈ። አምፖሉ ብርቱካን ሆነ፣ ፍም ሆነ፣ ጠፋ።

የሳቀ የለም። ሽማግሌው ጃንጥላውን ሳይወስድ ወጣ። የሄደ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ እጁ ውስጥ ጉም ያረጠበው ለምለም ሳር ነበር፤ የጋሞ ሽማግሌ እርቅ ሲለምን የሚይዘው። ጸሎት ቤት ውስጥ ይህን ማድረጉን ከሌሎቹ የወደዱትም ያልወደዱትም ይኖራሉ። ተንበረከከና ሳሩን በሁለት እጁ ወደ ጠባቂው ዘረጋ። ጠባቂው ወዲያው አልተቀበለውም። ሳሩን አየ፣ በሩን አየ፣ ጸጥ ያሉትን ሞንታርቦዎች አየ። ከዚያ ተቀበለውና ሽማግሌውን ከክንዱ ይዞ አነሳው። ስለ ቁልፉ ማንም ዳግመኛ ቃል አላነሳም።

የቀረው የእኔ ሥራ ነው። ከአርባ ምንጭ ሱቄ ጥቁር፣ ባለ ብዙ ክንፍ ሂትሲንክ አስመጣሁ። ሰው ሂትሲንክ በዓይን ይመርጣል፤ እኔ በሒሳብ። ትራንዚስተሩ ውስጡ ከመቶ ሃምሳ ዲግሪ እንዳያልፍ አልኩ፤ ዙሪያው ያለው አየር በክፉ ቀን አርባ ይሁን፤ ልዩነቱ መቶ አሥር ነው። እያንዳንዱ ትራንዚስተር ሃያ አምስት ዋት ሙቀት ቢያወጣ፣ ለአንድ ዋት አራት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። ከዚያ ላይ የትራንዚስተሩን የራሱን አንድ ተኩል፣ ከአልሙኒየሙ ጋር ሲታሰር መሃል የሚገቡትን የስስ ማይካና የነጭ ቅባት ግማሽ ስቀንስ ሁለት ተኩል ገደማ ይቀራል። ሁለቱ ትራንዚስተሮች አንድ ሂትሲንክ ስለሚጋሩ ለሁለት ይከፈላል። ለስሱ አየርና ለአቧራው ደግሞ ቀንሼ፣ ለአንድ ዋት ከአንድ ዲግሪ በታች የሚሞቅ መረጥኩ። ክንፎቹን ሽቅብ አቆምኳቸው፣ ሙቅ አየር ወደ ላይ ነውና የሚሄደው። ከግድግዳው አራቅኩት። ትንሿን ዘበኛ ከትልልቆቹ መሃል፣ እዚያው አልሙኒየም ላይ ቀዳዳ በስቼ በብሎን አሰርኳት። ቡሉኮውን አጣጥፌ ለጠባቂው ሰጠሁት፤ እሷን አታልብስ፣ አንተ ልበሰው አልኩት።

እንደገና ረጅም ጊዜ አዘመርኳቸው፣ ከዚያ ዝም አልን። አምፖሉ ጨለማ ሆኖ ቆየ። ሞንታርቦዎቹ ምንም አላሉም።

ያኔ ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ማንም ማይክሮፎኑን መጀመሪያ መያዝ አልፈለገም። ሁሉም ዝምታውን ያዳምጣሉ። አንዳቸው ሌላውን ያያሉ። በመጨረሻ ጠባቂው፣ በዚያ ቤት ለዓመታት ሲጠርግ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ያልያዘውን ማይክሮፎን አነሳ። ምን እንደሚል አላወቀም መሰለኝ። «ሳሮ» አለ፤ በጋሞኛ ሰላም ማለት ነው።

ድምፁ በተከፈተው በር ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ከወዲያኛው ሸንተረር፣ ቆይቶ፣ ሌላ ሰው የሚመስል ድምፅ «ሳሮ» ብሎ መለሰ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «ይሄስ?»

«ይሄ የገደል ማሚቶ ነው» አልኩት። «የእሱ ጠጋኝ እኔ አይደለሁም።»

ጠባቂው ማይክሮፎኑን እንደያዘ ወደ በሩ እያየ ቆየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ ሰላም አለው።